100 የተባለው ክሎክ 99.75 የሚመታው ለምንድን ነው?

የኮምፒውተራቸውን የውስጥ ዕቃ ማወቅ የሚፈልጉ ሰዎች CPU-Z የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ያውቁታል። ከሚዘረዝራቸው ቁጥሮች አንዱ Bus Speed ይባላል፤ በአብዛኞቹ የዛሬ ኮምፒውተሮች ላይ 100 ሜጋኸርትዝ መሆን የሚገባው መነሻ ክሎክ ነው። ማሳያው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነበበው 99.75 አካባቢ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ አሃዝም አንድ ቦታ አትረጋም። ማሽኑ እያረጀ ወይም ክሪስታሉ እየተበላሸ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ክሎኩ ሆን ተብሎ እንዲወዛወዝ ተደርጓል። ማዘርቦርዱን የሠሩት መሐንዲሶች ትክክለኛነቱን በጥቂቱ ሸጠው ሌላ ነገር ገዝተውበታል። ስሙ ስፕሬድ ስፔክትረም ክሎኪንግ ይባላል።

የገዙት ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ከክሎኩ ጠባይ እንነሳ። ክሎክ ማለት በእኩል ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ምት ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ቺፖች ሁሉ መቼ ቁጥር እንደሚቀበሉና መቼ እንደሚያስተላልፉ የሚያውቁት በዚህ ምት ነው። በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ክሎክ ኃይሉን በ100 ሜጋኸርትዝ ላይ ብቻ አያስቀምጥም። ምቱ ጥርት ያለ ጠርዝ ስላለው በ200፣ በ300፣ በ500፣ እንዲያም ሲል ከዚያ በላይ ባሉት ብዜቶቹ ላይም ኃይል ይኖረዋል። እነዚህ ብዜቶች ሃርሞኒክ ይባላሉ። ምቱ ፍጹም እኩል በሆነ መጠን የእያንዳንዱ ሃርሞኒክ ኃይል በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ይከማቻል። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት የመዳብ መስመሮችና ከሳጥኑ የሚወጡት ገመዶች ደግሞ ሳይታሰቡ አንቴና ይሆናሉ። በዚህ መንገድ ኮምፒውተሩ ማንም ያልፈቀደለት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ ይሠራል።

የቤት ኮምፒውተሮች መስፋፋት ሲጀምሩ የጎረቤት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ መረበሹ ቅሬታ አስነሣ። የአሜሪካው የመገናኛ ኮሚሽን ኤፍሲሲ በ1979 እ.ኤ.አ. ለዲጂታል መሣሪያዎች የልቀት ገደብ አወጣ። አውሮፓና ሌሎች አገሮች ደግሞ ሲስፐር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ረብሻ ኮሚቴ ያወጣቸውን መለኪያዎች ይከተላሉ። በኤፍሲሲ ደንብ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ መሣሪያ ሲፈተሽ አንቴናው ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል። ከ216 እስከ 960 ሜጋኸርትዝ ባለው ክልል ውስጥ የሚፈቀደው የመስክ ጥንካሬ 200 ማይክሮቮልት በሜትር ነው። ይህ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት የዴሲቤል ስሌት 46 ይባላል።

ለታሪካችን ወሳኙ ግን ገደቡ ራሱ ሳይሆን የሚለካበት መንገድ ነው። የመለኪያ መሣሪያው ክልሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያይም። ከ30 ሜጋኸርትዝ እስከ 1 ጊጋኸርትዝ ድረስ 120 ኪሎኸርትዝ ስፋት ባላት ጠባብ መስኮት ክልሉን ቁራጭ በቁራጭ እየተመለከተ ይጓዛል፤ በእያንዳንዱ ቦታም በመስኮቷ ውስጥ የገባውን ብቻ ይመዘግባል። የመስኮቷ ስፋት የተመረጠው የዘመኑ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚረበሹበትን ሁኔታ እንድትመስል ተብሎ ነው። ስለዚህ ፈተናው መሣሪያው በድምሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚረጭ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በአንዲት ጠባብ መስኮት ውስጥ ትልቁ ኃይል ስንት እንደሆነ ነው።

አንድ ቁና ጤፍ በአንድ ቦታ ሲከመር ቁመቱ ጉልህ ይሆናል፤ ያው ጤፍ በሰፊው ሲሰጣ ከመሬት እምብዛም ከፍ አይልም፤ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን አንድ ፍሬ አልጎደለም። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የክሎኩ ድግግሞሽ አንድ ቦታ ከሚቆም ቀስ ብሎ ወረድ፣ ቀስ ብሎ ከፍ እንዲል ቢደረግ፣ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ተከምሮ የነበረው ኃይል በሰፊ ክልል ላይ ይሰጣል። በየመስኮቷ የሚነበበው ጫፍ ይወርዳል።

ዘዴውን በሚገባ ካጠኑት መካከል በኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ የሚገኘው የፕሪንተር አምራች ሌክስማርክ ቀዳሚ ነው። ፕሪንተር በርካሽ የሚሸጥ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ልቀቱን ለማፈን በብረት ማልበስ ዋጋውን ይጨምራል። የኩባንያው መሐንዲሶች ኪት ሃርዲን፣ ጆን ፌስለርና ዶናልድ ቡሽ በ1994 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አቀረቡ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱም በ1996 ተሰጠ። ካሳዩት ነገር ዋናው የማወዛወዙ ቅርጽ ውጤቱን እንደሚወስን ነው። ድግግሞሹ እንደ ዥዋዥዌ በለስላሳ ሞገድ ከተወዛወዘ፣ አቅጣጫ በሚቀይርባቸው ሁለት ጫፎች ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘገያል፤ በዘገየበት ቦታ ደግሞ ኃይል እንደገና ይከመርና ግራና ቀኝ ሁለት ቀንዶች ይበቅላሉ። በቀጥታ መስመር የሚወጣና የሚወርድ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። እነሱ ደግሞ ቅርጹን ጫፎቹ ላይ ሹል አድርገው ድግግሞሹ እዚያ ፈጥኖ እንዲያልፍ አደረጉ፤ ቀንዶቹም ጠፍተው የተሰጣው ኃይል ለጥ አለ።

ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚሠራበት ልክ የታወቀ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ መነሻ ክሎክ ከ100 ሜጋኸርትዝ ተነሥቶ እስከ 99.5 ይወርድና ይመለሳል፤ ይህም ግማሽ በመቶ ነው። ይህን ምልልስ በሴኮንድ ከ30 ሺህ እስከ 33 ሺህ ጊዜ ያደርገዋል። አማካዩ 99.75 ነው፤ CPU-Z ላይ የሚታየው ቁጥር ምሥጢርም ይኸው ነው።

ሁለቱም ምርጫዎች ምክንያት አላቸው። ክሎኩ ከ100 በላይ ሳይወጣ ወደ ታች ብቻ የሚወዛወዘው፣ ቺፖቹ አንዱን ሥራ ጨርሰው ለሚቀጥለው ምት ለመድረስ የተሰጣቸው ጊዜ ከ10 ናኖሴኮንድ እንዳያንስ ነው። ምቱ ቢዘገይ ሥራው ይደርሳል፤ ቢፈጥን ግን ላይደርስ ይችላል። የምልልሱ ፍጥነት ከ30 ሺህ እንዳያንስ የተደረገው ደግሞ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ክልል በላይ እንዲሆን ነው፤ አለበለዚያ ልቀቱ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ እንደ ድምፅ ሊሰማ ይችል ነበር። ከዚያ እጅግ እንዲበልጥም አይፈለግም፤ ክሎኩን የሚከተሉት ሰርኪቶች ሊደርሱበት ይቸገራሉና።

አሁን ትርፉን እናስላ። አንድ ማዘርቦርድ በአምስተኛው ሃርሞኒክ፣ በ500 ሜጋኸርትዝ ላይ፣ 52 ዴሲቤል ተነበበበት እንበል። ገደቡ 46 ስለሆነ በ6 አልፎ ወድቋል። ስፕሬድ ስፔክትረም ሲበራ የ500 ሜጋኸርትዝ ግማሽ በመቶ፣ ማለትም 2.5 ሜጋኸርትዝ ስፋት ባለው ክልል ላይ ኃይሉ ይሰጣል። በዚህ ክልል ውስጥ 120 ኪሎኸርትዝ ስፋት ያላቸው 21 ያህል መስኮቶች ይገባሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዷ የሚደርሳት አማካይ ኃይል ከሃያ አንዱ ገደማ ነው፤ በዴሲቤል 13 ያህል ቅናሽ መሆኑ ነው። መሣሪያው የሚመዘግበው ግን አማካዩን ሳይሆን ወደ ጫፉ የተጠጋውን ስለሆነ፣ የሚነበበው ቅናሽ ከዚህ ያንሳል። 10 ያህል ቢሆን ንባቡ ወደ 42 ይወርድና ማዘርቦርዱ በ4 ዴሲቤል ያልፋል። አንድም ብረት አልተጨመረም፤ የሰሌዳው ንድፍም አልተነካም።

ይህ ትርፍ ግን በሁሉም ሃርሞኒክ ላይ እኩል አይደለም። በ100 ሜጋኸርትዝ ላይ ግማሽ በመቶ 500 ኪሎኸርትዝ ብቻ ነው፤ ውስጡ የሚገቡት መስኮቶች አራት ብቻ ስለሆኑ ቅናሹ በአማካይ ስሌት እንኳ ከ6 ዴሲቤል ብዙም አይዘልም። ስፋቱ የሚጨምረው ከሃርሞኒኩ ጋር ነው። ስለዚህ ማዘርቦርዱ የወደቀው በዝቅተኛው ሃርሞኒክ ከሆነ ይህ ዘዴ ብቻውን ላያድነው ይችላል፤ ወደ ማጣሪያና ወደ ብረት ሽፋን መመለስ ግድ ይሆናል።

የተከፈለው ዋጋስ? የ100 ሜጋኸርትዝ ክሎክ አንድ ምት 10 ናኖሴኮንድ ይፈጃል። በ99.5 ላይ ሲደርስ ምቱ በ50 ፒኮሴኮንድ ይረዝማል፤ ፒኮሴኮንድ የናኖሴኮንድ ሺኛ ክፋይ ነው። ክሎኩ ከላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ለመድረስ 16 ማይክሮሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 1,600 የሚጠጉ ምቶች ያልፋሉ። 50ው ፒኮሴኮንድ በእነዚህ ምቶች ላይ ሲከፋፈል አንዱ ምት ከጎረቤቱ የሚለየው በ0.03 ፒኮሴኮንድ ብቻ ነው። ይህ ከተለመዱት የኮምፒውተር ክሎኮች የተፈጥሮ መንቀጥቀጥ ያነሰ ነው። አንድን ምት ከሚቀጥለው ጋር ብቻ የሚያነጻጽር መሐንዲስ ዘዴው በነጻ የተገኘ ሊመስለው ይችላል።

ትንሿ ልዩነት ግን ትጠራቀማለች። በእያንዳንዱ ምልልስ ውስጥ ክሎኩ ግማሹን ጊዜ ከአማካዩ ይፈጥናል፣ ግማሹን ጊዜ ይዘገያል። በፈጠነበት ግማሽ ያካበተው ቀዳሚነት ሲደመር 20 ናኖሴኮንድ ገደማ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ግማሽ ደግሞ ያንኑ መልሶ ያጣል። 20 ናኖሴኮንድ ማለት የዚህ ክሎክ ሁለት ሙሉ ምቶች ነው። በመጀመሪያው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ፣ አንድ ቢት 400 ፒኮሴኮንድ ብቻ በሚቆይበት መስመር፣ ይህ የ50 ቢት ጊዜ ነው። ቢቱን በመካከሉ ነጥሎ ማንበብ ያለበት ተቀባይ የራሱን የማይንቀሳቀስ ክሎክ ይዞ ቢቆም ወዲያው ይስት ነበር።

ታዲያ ኮምፒውተሩ እንዴት ይሠራል? መልሱ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ነው። መወዛወዝ ጉዳት የሚያመጣው ላኪና ተቀባይ አብረው ካልተወዛወዙ ነው። በተለመደው ማዘርቦርድ ላይ ዋናው ቺፕም፣ በመሰኪያው ላይ የተተከለው ካርድም ክሎካቸውን የሚያገኙት ከአንድ ምንጭ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ በሁለቱ መንገዶች መካከል የሚፈቅደው የመድረሻ ልዩነት 12 ናኖሴኮንድ ነው። በ12 ናኖሴኮንድ ውስጥ ክሎኩ ብዙ ሊለወጥ አይችልም፤ በስሌት ከሚሊዮን 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ በመቶው፣ ማለትም ከሚሊዮን 5,000 እጅ የሚሆነው መወዛወዝ፣ በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል ወደ 4 ይወርዳል። ሁለቱም በአንድነት ስለሚፈጥኑና በአንድነት ስለሚዘገዩ አንዱ የሌላውን መወዛወዝ ከቁብ አይቆጥረውም።

እዚህ ላይ ለቺፕ ሠሪው አንድ ከባድ ምርጫ አለ። በቺፑ ውስጥ 100 ሜጋኸርትዙን ወደ ጊጋኸርትዝ የሚያባዛ ፒኤልኤል የሚባል ሰርኪት አለ፤ የሚመጣውን ክሎክ እያየ ራሱን ያስተካክላል። ለለውጥ ቀርፋፋ ከሆነ የክሎኩን መወዛወዝ፣ በተለይም አቅጣጫ የሚቀየርበትን ሹል ማዕዘን፣ ዘግይቶ ይከተልና ላኪና ተቀባይ ይለያያሉ። ፈጣን ከሆነ ደግሞ መወዛወዙን በሚገባ ይከተላል፤ ነገር ግን ከክሎኩ ጋር የሚመጣውን የማይፈለግ መንቀጥቀጥም አብሮ ያስገባል። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ የፒኤልኤሉን ፍጥነት ከላይም ከታችም የሚገድበው ለዚህ ነው።

አብሮ መወዛወዙ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን በአንድ ጉዳይ እንየው። አንድ አምራች ለመሰኪያው የሚሆን ካርድ ይሠራል፤ ዲዛይኑን ለማቅለል ብሎ ከመሰኪያው የሚመጣውን ክሎክ ትቶ ካርዱ ላይ የራሱን 100 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ይተክላል። በቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ላይ ስፕሬድ ስፔክትረም ስለጠፋ ካርዱ ያለ ችግር ይሠራል። ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ግን በርቷል። ማዘርቦርዱ በአማካይ 99.75 ይመታል፤ ካርዱ 100 ላይ ቆሟል። በሁለቱ መካከል በአማካይ ከሚሊዮን 2,500 እጅ ልዩነት ተፈጥሯል።

በመስመሩ ላይ የሚጓዘው መረጃ አሥር አሥር ቢት በያዙ ምልክቶች የተከፋፈለ ነው፤ በመጀመሪያው ትውልድ ፍጥነት እያንዳንዱ ምልክት 4 ናኖሴኮንድ ይወስዳል። ተቀባዩ የፍጥነት ልዩነትን ለመቻል ጥቂት ምልክቶችን የሚያቆይ ትንሽ ቋት አለው። ከወዲያ በኩል የሚገባው ከሚወጣው ከፈጠነ ቋቱ ይሞላል፤ ከዘገየ ይጎድላል። ልዩነቱ እንዲስተካከል ላኪው በየተወሰነ ርቀት መረጃ የሌላቸው መሙያ ምልክቶችን ጣል ያደርጋል፤ ተቀባዩም እንደ አስፈላጊነቱ አንዱን ይጥላል ወይም አንድ ይጨምራል። በተለመደው አሠራር መሙያው የሚመጣው ቢበዛ በየ1,538 ምልክቱ ነው። ይህ ርቀት የተሰላው ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው ከሚሊዮን 300 እጅ ብቻ ሊስቱ ይችላሉ በሚል ነው፤ ድምሩ 600 ነውና በ1,538 ምልክት ውስጥ ከአንድ ምልክት ያነሰ መንሸራተት ይፈጠራል፤ መሙያውም ይበቃዋል።

በእኛ ካርድ ላይ ግን በ2,500 እጅ ልዩነት በዚያው ርቀት 4 የሚጠጉ ምልክቶች ይንሸራተታሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ካርዱን የሚጥለው መወዛወዙ ራሱ አለመሆኑ ነው። ያ 20 ናኖሴኮንድ የሚሆነው መሄድና መመለስ 5 ምልክት ብቻ ስለሆነ በቋት ሊቻል ይችል ነበር፤ የሄደው ይመለሳልና። የማይመለሰው የአማካዩ መውረድ ነው። በአንድ ሚሊሴኮንድ ውስጥ 625 ምልክት ይከማቻል፤ ምንም ያህል ትልቅ ቋት ቢሠራ ይሞላል ወይም ይደርቃል። በዚያች ቅጽበት ምልክት ይጠፋል፣ ስህተት ይመዘገባል፣ መስመሩም ግንኙነቱን እንደገና ከመጀመር በቀር ምርጫ አይኖረውም።

ይህን ችግር ከሌላ ብልሽት መለየት ይቻላል። ካርዱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ በሌላው እየተቆራረጠ ያስቸግራል፤ ሙቀትና ገመድ መቀየር ለውጥ አያመጣም። በሊኑክስ ላይ የሚከተለው ትእዛዝ ፍንጭ ይሰጣል፦

```
sudo lspci -vv | grep -E "CommClk|SlotClk|CESta"
```

`SlotClk+` የሚል ከተነበበ ካርዱ የመሰኪያውን ክሎክ እንደሚጠቀም እየተናገረ ነው፤ `SlotClk-` ከሆነ የራሱን ይዟል። ይህ ግን ካርዱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል እንጂ የተለካ ነገር አይደለም። `CESta` በሚለው መስመር ላይ `RxErr+` መታየቱ ተቀባዩ ስህተት እንደመዘገበ ያሳያል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ወደ ባዮስ ገብቶ Spread Spectrum የሚለውን ማጥፋት ነው፤ ስህተቱ በዚያው ከቆመ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ሁለቱ ወገኖች የግድ የየራሳቸውን ክሎክ መያዝ ሲኖርባቸውስ? በገመድ የሚገናኙ መሣሪያዎች እንዲህ ናቸው፤ ኮምፒውተሩና ውጫዊ ዲስኩ ክሎክ አይጋሩም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ስፕሬድ ስፔክትረምን በሁለቱም በኩል ግዴታ አደረገና ዋጋውን ከመጀመሪያው አስልቶ ከፈለ። አንዱ ወገን ከሚሊዮን 300 እጅ ሊፈጥን፣ ሌላው 5,300 እጅ ሊዘገይ ይችላል፤ በክፉው አጋጣሚ ልዩነቱ 5,600 ነው። ደንቡ ሁለት ሁለት መሙያ ምልክቶች በአማካይ በየ354 ምልክቱ እንዲላኩ ያዛል። የ354 ምልክት 5,600 እጅ ሲሰላ 1.98 ይመጣል፤ ከሁለት ትንሽ ያነሰ መሆኑ ነው። ቁጥሩ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። የሰጠነው ደግሞ ከመስመሩ አቅም ግማሽ በመቶ ያለፈውን ለመሙያ ማዋል ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስም በኋላ ላይ ለየብቻ ክሎክ የሚሆን አሠራር ሲጨምር መሙያው ከ154 ምልክት ባነሰ ርቀት እንዲመጣ አዘዘ።

ዋጋው ከቶ የማይከፈልበት ቦታም አለ። ኢተርኔት ከሚሊዮን 100 እጅ በላይ ስህተት አይፈቅድም፤ ስፕሬድ ስፔክትረም የሚፈጥረው ከዚህ 50 እጥፍ ነው። ዩኤስቢ 2.0 የሚችለው 500 እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክሎክ አመንጪ ለአንዳንዱ የሚወዛወዝ፣ ለአንዳንዱ የቆመ ክሎክ ይሰጣል። መስመሮቹ በስህተት የተምታቱ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ኔትወርኩ ግን አይሠራም ወይም እየተቆራረጠ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ጫፉ ሲወርድ ረብሻው በእርግጥ ቀንሷል? የ120 ኪሎኸርትዝ መስኮት ለምትመስለው ጠባብ ተቀባይ፣ አዎ። ሰፊ ተቀባይ ግን የተሰጣውን ሁሉ ሰብስቦ ይውጣል። ዋይፋይን እንውሰድ። የ100 ሜጋኸርትዝ 52ኛ ሃርሞኒክ 5,200 ሜጋኸርትዝ ላይ ይወድቃል፤ ይህ የዋይፋይ ቻናል 40 መካከለኛ ነጥብ ነው። ዋይፋይ መረጃውን በብዙ ንዑስ ሞገዶች ላይ ይከፋፍላል፤ መካከለኛዋንም ባዶ ይተዋታል። ክሎኩ ባይወዛወዝ ኖሮ ቀጭኗ መስመር በዚያች ባዶ ቦታ ወይም በአጠገቧ ባሉ አንድ ሁለት ንዑስ ሞገዶች ላይ ትወድቅ ነበር። ሲወዛወዝ ግን ግማሽ በመቶው 26 ሜጋኸርትዝ ይሆናል፤ ከ5,174 እስከ 5,200 የተዘረጋው ኃይል የቻናል 40ን ግማሽና የቻናል 36ን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። ያን ያህል የራቀ ሃርሞኒክ ደካማ ነው፤ የላፕቶፑ አንቴና ግን ከማዘርቦርዱ ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ሳይሆን ጥቂት ሳንቲሜትር ነው፤ የሚያዳምጠውም እጅግ ደካማ ሞገድ ነው። ለሕግ መለኪያው የተሻለው ነገር በአንድ ሳጥን ውስጥ ላለው ጎረቤት የባሰ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3.0 በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩ ሽቦ አልባ ማውሶችንና ኪቦርዶችን እንደሚረብሽ አሳይቷል። ስፕሬድ ስፔክትረም በዚያ መስመር ላይ ግዴታ ነው፤ ግን የመረጃው ኃይል ከመጀመሪያውም በሰፊው የተሰራጨ ስለሆነ መፍትሔው መሰኪያውንና መሣሪያውን በብረት መሸፈንና አንቴናውን ማራቅ ሆኖ ተገኘ።

ባዮስ ውስጥ ያለውን ምርጫ በተመለከተ እንግዲህ ለብዙው ሰው የሚበጀው እንደበራ መተው ነው። ማጥፋቱ በፍጥነት የሚያስገኘው ሩብ በመቶ ብቻ ነው፤ ይህን ያለ መለኪያ የሚያስተውል ሰው አይኖርም። በአንጻሩ ኮምፒውተሩ የልቀት ፈተናውን ያለፈው በርቶ ከሆነ፣ ሲጠፋ በዚያው ገደብ ውስጥ ስለመቆየቱ ዋስትና የለም። ማጥፋት ትርጉም የሚኖረው የራሱን ክሎክ የያዘ ካርድ ሲገጥም፣ ወይም ቺፑን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ለመግፋት እያንዳንዷ ፒኮሴኮንድ ስትፈለግ ነው። አዲስ መሣሪያ ለሚሠራ መሐንዲስ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ጥያቄ ክሎኩ ምን ያህል ይወዛወዛል የሚለው አይደለም። በመስመሩ ጫፍ ያለው ተቀባይ ያንኑ ክሎክ ያገኛል ወይ? ካላገኘ፣ አማካዩ የሚወርድበትን ልክ የሚያካክስ መሙያ ተመድቦለታል ወይ? ለሁለቱም መልሱ አይደለም ከሆነ፣ በፈተና ክፍል የተገኙት 10 ዴሲቤሎች በደንበኛው ጠረጴዛ ላይ በጠፋ መረጃ ይከፈላሉ።